በቪዲዮ ላይ የሚታይ ፊት መቀየሩን ወይም መነካቱን ከጠርዙ መለየት

የምተዳደረው በደብረ ማርቆስ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ በማቀናበር ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ወደ ስቱዲዮው የሚመጣው ሰው ሁሉ ሠርግ ሊያስቀርጽ አይመጣም፤ ስልኩን አውጥቶ በቴሌግራም የደረሰውን ቪዲዮ ያሳየኝና «እስቲ እይልኝ፣ እውነት እሱ ነው?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስረዳት ስላታከተኝ፣ እኔ ራሴ የምከተለውን አሠራር እርስዎም ቤትዎ ሆነው እንዲሞክሩት በዚህ ጽፌዋለሁ።

መመሪያው የሚመለከተው ሁለት ዓይነት ሥራዎችን ብቻ ነው። አንደኛው የፊት ቅያሬ ሲሆን፣ የአንድ ሰው ፊት በሌላ ሰው አካል ላይ የሚለጠፍበት ነው። ሁለተኛው የከንፈር ለውጥ ነው፤ በዚህኛው ሰውየው ራሱ ነው፣ ቪዲዮውም የራሱ ነው፣ አፉ ብቻ ያልተናገረውን እንደተናገረ ሆኖ ይሠራል። ከምንም ተነሥቶ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተፈጠረ ቪዲዮ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልነካውም።

ምልክቱ ከየት ይመጣል

የፊት ቅያሬ የሚሠራው ፕሮግራም ሙሉ ጭንቅላትን አይቀይርም። ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ሥዕሎች በእያንዳንዱ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ፣ ዓይንን፣ አፍንጫንና አፍን ፈልጎ ያገኛል፤ ከቅንድብ ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ አገጭ፣ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ያለውን ክፍል ቆርጦ ያወጣል፤ በዚያ ልክ አዲስ ፊት ይሥልና መልሶ ይለጥፈዋል፤ በመጨረሻም መጋጠሚያው እንዳይታወቅ ጠርዙን ያደበዝዘዋል። ጆሮ፣ የፀጉር መነሻ፣ አንገት፣ እጅና ልብስ የመጀመሪያው ባለቤት ሆነው ይቀራሉ።

ስለዚህ የሚመረመረው የፊቱ መሐል አይደለም። የፊቱ መሐል ፕሮግራሙ በደንብ የሠለጠነበት ቦታ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። የሚመረመረው አዲሱ ከአሮጌው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ነው፤ ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ይህን ጠርዝ በተለያየ መንገድ የሚፈትኑ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቪዲዮው፣ ከተገኘ መጀመሪያ ከተላከበት ቦታ የተወሰደ።
- ኮምፒውተር፣ በላዩም `VLC` የተባለው ነጻ የቪዲዮ ማጫወቻ። ስልክ ብቻ ካለዎት ይኸው ማጫወቻ ለስልክም ስላለ ፍጥነቱን ወደ `0.25` ዝቅ አድርገው መመልከት ይችላሉ፤ ነገር ግን ፍሬም በፍሬም መሄድ በኮምፒውተር ይቀላል።
- የዚያው ሰው እውነተኛነታቸው የተረጋገጠ ሁለት ወይም ሦስት ቪዲዮዎችና ፎቶዎች። ቢቻል ከአንዱ ጎን የተነሣውና ጆሮው የሚታይበት ፎቶ ይገኝበት።
- የጆሮ ማዳመጫ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አንድ ሰዓት ያህል ይመድቡ። ችኮላ ባለበት ሁኔታ ይህን ሥራ ባይጀምሩት ይሻላል።

እርምጃ 1፦ የተሻለውን ቅጂ ያግኙ

ቪዲዮ ወርዶ እንደገና እንደ ቪዲዮ በተላከ ቁጥር መተግበሪያው መጠኑን ለመቀነስ ብዙ ጊዜ ይጨምቀዋል። ጭመቃው መጀመሪያ የሚያጠፋው ጥቃቅን ዝርዝሩን፣ ማለትም የቆዳውን ሸካራነት፣ የፀጉሩን ዘለላና የጠርዙን መስመር ነው፤ እኛ የምንፈልገውም እርሱኑ ነው። ስለዚህ የላከልዎትን ሰው «ከማን ደረሰህ?» ብለው በመጠየቅ ወደ ምንጩ ይሂዱ፤ ያገኙትንም በቴሌግራም ሲያስልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ተያይዞ እንዲላክ ያድርጉ፤ እንደ ፋይል የተላከ አይጨመቅም። የስልክን ስክሪን በሌላ ስልክ የቀረጹት ቅጂ ለምርመራ አይጠቅምም።

እርምጃ 2፦ ድምፁን አጥፍተው አንድ ጊዜ ይመልከቱና ሰዓቱን ይመዝግቡ

ድምፁን የማጠፋበት ምክንያት አለኝ። የሚባለው ነገር የሚያስቆጣ ወይም የሚያስደነግጥ ከሆነ ዓይን ጆሮን ተከትሎ ስለሚሄድ መመልከት ያቆማል። ድምፅ በሌለበት ይመልከቱና የሚከተሉት አራት ነገሮች የደረሱበትን ሴኮንድ በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ሰውየው ፊቱን ወደ ጎን ያዞረበት፣ እጅ ወይም ዕቃ በፊቱ ላይ ያለፈበት፣ አፉን በሰፊው የከፈተበት ወይም የሣቀበት፣ ብርሃኑ የተለወጠበት።

በሴኮንድ 30 ፍሬም የሚቀረጽ የ38 ሴኮንድ ቪዲዮ 1,140 ሥዕሎች አሉት። ሁሉንም አንድ በአንድ ማየት አይቻልም፤ ቢቻልም አይጠቅምም፤ ፕሮግራሙ የሚሳሳተው ሲቸገር ነው፣ የሚቸገረውም በእነዚህ አራት ቦታዎች ነው።

እርምጃ 3፦ ፊት ወደ ጎን ሲዞር መንጋጋውንና ጉንጩን ይከታተሉ

ቪዲዮውን በመዘገቡት ሴኮንድ ላይ ያቁሙና በኮምፒውተሩ ማጫወቻ ላይ `E` የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ በተጫኑ ቁጥር አንድ ፍሬም ወደፊት ይሄዳል። ምስሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ማየት ከፈለጉና ትእዛዝ መጻፍ ካልከበደዎት፣ `ffmpeg` በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚሠራው የሚከተለው ትእዛዝ ከ12ኛው ሴኮንድ ጀምሮ ያሉትን ሦስት ሴኮንዶች ወደ ሥዕል ይቀይርልዎታል፦

```
ffmpeg -ss 12 -t 3 -i video.mp4 frame_%04d.png
```

ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ሁለቱም ዓይኖቹና አፉ ስለሚታዩ ፕሮግራሙ ፊቱን በትክክል ያስቀምጠዋል። ሰውየው ወደ ጎን ሲዞር ግን አንዱ ዓይን ይጠፋል፣ የአፉ አንድ ዳርቻ ይደበቃል፣ ፕሮግራሙም ልኬቱን በግምት መውሰድ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የራቀው ጉንጭ መስመር ከፍሬም ወደ ፍሬም እየወጣ ይገባል፣ እንደሚንቀጠቀጥ ያህል። የአፍንጫው ቅርጽ አንድ ጊዜ ከጎን፣ አንድ ጊዜ ከፊት የታየ ይመስላል። በጣም ሲዞር ደግሞ ለአንድ ወይም ለሁለት ፍሬም የመጀመሪያው ባለቤት ፊት ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ይህኛው ከተገኘ ከሌላው ሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ስለሆነ ያንን ፍሬም ወዲያውኑ ያስቀምጡት።

አዘጋጆቹም ይህንን ስለሚያውቁ ሰውየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊት ለፊት ብቻ የሚያይበትን ቪዲዮ ይመርጣሉ። አንገቱን ፈጽሞ የማያዞር ተናጋሪ ማታለያ ነው ማለት አይደለም፤ በዚህ እርምጃ ግን ሊመረመር አይችልም።

እርምጃ 4፦ በፊት ላይ የሚያልፈውን ነገር ይከታተሉ

ከሁሉ ይበልጥ የምተማመንበት ይህ ነው። እጅ፣ ማይክሮፎን፣ ጭራ ወይም የጋቢ ጫፍ በፊት ላይ ሲያልፍ ፕሮግራሙ ይህ ዕቃ የፊቱ አካል አለመሆኑን አውቆ ከላይ መተው አለበት። ወፍራምና ድንበሩ ግልጽ የሆነ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ቀጭን ወይም ግልጽነት ያለው ነገር ግን ያስቸግረዋል፤ በዚህ ረገድ በጎጃም የሚቀረጹ ቪዲዮዎች ለመርማሪ ይመቻሉ ማለት ይቻላል፤ ሽማግሌው ጭራ ይዞ ዝንብ እያባረረ ይናገራል፣ እናቶች ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ እያነሡ እየመለሱ ይናገራሉ።

ጭራው ጉንጭ ላይ ሲደርስ ዘለላዎቹን ይቁጠሩ። እውነተኛ ቪዲዮ ላይ ዘለላው ከፊት ውጭ ጀምሮ በፊቱ ላይ አልፎ በሌላው በኩል ሳይቋረጥ ይወጣል። በተቀየረ ፊት ላይ ዘለላው ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል ወይም በቆዳው ውስጥ የሟሟ ይመስላል፤ ከዚያ በሌላው ጎን እንደገና ይታያል። በነጠላም እንዲሁ ነው። ስስ ነጠላ አፍን ሲሸፍን ከሥሩ የከንፈር ጥላ በደብዛዛው መታየት አለበት፤ ከንፈሩ ከነጠላው በላይ ተሥሎ ካገኙት ወይም ነጠላው በአፍ ትይዩ ብቻ የቆዳ ቀለም ከያዘ ፊቱ ተነክቷል። መነጽር ላደረገ ሰው ደግሞ የመነጽሩን እጀታ ከዓይን እስከ ጆሮ ይከተሉት፤ ጆሮ ግንድ አካባቢ መሰበርና መደብዘዝ የለበትም።

እርምጃ 5፦ የፊቱን ጥራት ከጆሮና ከአንገት ጋር ያነጻጽሩ

በብዛት የሚሠራባቸው የፊት ቅያሬ ፕሮግራሞች ፊቱን የሚሥሉት በትንሽ መጠን ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ጎኑ 128 ፒክስል ብቻ የሆነ ካሬ ላይ የሚሥሉ አሉ። ቪዲዮው በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ ከሆነና ፊቱ ቀርቦ ከታየ፣ ያ ትንሽ ሥዕል እስኪመጥን ድረስ ይለጠጣል። የተለጠጠ ሥዕል ይደበዝዛል። ከዚያም ያንን ድብዛዜ ለመሸፈን በሌላ ፕሮግራም ጥራቱ እንዲጨምር ይደረጋል፤ ጥራቱ የተጨመረለት ፊት ደግሞ ከአካባቢው ይልቅ ጥርት ብሎ፣ ቆዳው እንደ ሰም ለስልሶ ይታያል።

ስለዚህ የሚፈለገው ድብዛዜ ወይም ጥራት ለብቻው አይደለም፤ የፊትና የአንገት ልዩነት ነው። ፍሬሙን አጉልተው መጀመሪያ ጆሮውን፣ ከዚያ ጉንጩን፣ ከዚያ አንገቱን ይመልከቱ። ሦስቱም በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ርቀትና በአንድ ብርሃን ስለተቀረጹ የአሸዋ ፍንጣቂ የሚመስለው የምስሉ ብናኝ በሦስቱም ላይ እኩል መሆን አለበት። በጨለማ ቤት ውስጥ በስልክ በተቀረጸ ቪዲዮ ይህ ብናኝ በግልጽ ይታያል፤ አንገትና ጆሮ ላይ እየተንቀጠቀጠ ፊት ላይ ከሌለ ፊቱ ከሌላ ቦታ የመጣ መሆኑን ያመለክታል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ቮሎዲሚር ዜሌንስኪ ወታደሮቻቸው እጅ እንዲሰጡ ያዘዙ አስመስሎ የተሠራው ቪዲዮ ቶሎ የተጋለጠው ጭንቅላቱ ከአንገቱና ከአካሉ ጋር ባለመስማማቱ ጭምር ነበር።

እርምጃ 6፦ ቋሚ ምልክቶችንና ጆሮን ያመሳክሩ

ጠባሳ፣ ንቅሳትና ጥቁር ነጥብ ቦታቸውን አይለቁም። በግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላት እናት ስትናገር ቅንድቧን ብታነሣ መስቀሉ ከቆዳው ጋር አብሮ ይነሣል። የተቀየረ ፊት ላይ ንቅሳቱ ከፊቱ ጠርዝ አጠገብ ከሆነ በአንዱ ፍሬም ደምቆ በሌላው ይፈዛል፤ በመንጋጋ ላይ ያለው የንቅሳት መስመርም አንገት ላይ ካለው ጋር ሳይገጥም ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ግን ጆሮ ይበልጣል። በዚህ ዓይነት ቅያሬ ጆሮ የሚቀረው የአካሉ ባለቤት ጆሮ ስለሆነ፣ እውነተኛውን ሰው ከጎን ከሚያሳይ ፎቶ ጋር ያስተያዩት። የሚታየው የጆሮው ታችኛ ጫፍ ነው፤ በአንዳንዱ ሰው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከጉንጭ ይለያል፣ በሌላው ደግሞ በቀጥታ ከመንጋጋ ጋር ይያያዛል። ይህ በቀን፣ በክብደት ወይም በብርሃን አይለወጥም። የጆሮው ውስጠኛ እጥፋት ቅርጽም እንዲሁ ያግዛል፤ እርሱን ለማየት ግን ጥሩ ቅጂ ያስፈልጋል።

ጥርስን በአጭሩ ልለፈው፦ አፍ ሲከፈት ጥርሶቹ አንድ በአንድ ሳይለዩ እንደ ነጭ ጥብጣብ ከታዩ፣ ወይም በጥርሶቹ መካከል ያለው ፍንጭት በአንዱ ፍሬም ኖሮ በሌላው ከጠፋ ይመዝግቡት፤ በተጨመቀ ቪዲዮ ላይ ግን ደካማ ምልክት ነው።

እርምጃ 7፦ የከንፈር ለውጥ ከተጠረጠረ ድምፁን ይክፈቱ

እስካሁን ያሉት እርምጃዎች ፊት ቅያሬን የሚመለከቱ ናቸው። በፊት ቅያሬ የሚናገረው ከሥር ያለው ሰው ስለሆነ ከንፈርና ድምፅ ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ። በከንፈር ለውጥ ግን ጆሮው የራሱ፣ ጉንጩ የራሱ ነው፤ የተሠራው አፉ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳን የቋንቋችን ድምፅ ነው።

«መ» ሲነገር ሁለቱ ከንፈሮች ሙሉ በሙሉ መገናኘት አለባቸው፤ ከንፈር ሳይገጥም «መ» ማለት አይቻልም። «ፈ» ሲነገር የታችኛው ከንፈር ከላይኛው ጥርስ ጋር ይገናኛል። «ኡ» እና «ኦ» ሲነገሩ ከንፈር ክብ ይሆናል። የከንፈር ለውጥ ፕሮግራሞች አፍን በመክፈትና በመዝጋት ያስመስላሉ፤ ነገር ግን አጭሯን መዝጊያ ብዙ ጊዜ ይዘሏታል፤ ከንፈሮቹ ይቀራረቡና ሳይነካኩ ይለያያሉ። በሴኮንድ 30 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ ላይ የ«መ» መግጠሚያ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬም ያህል ይቆያል፤ በ`E` ቁልፍ ሲሄዱ አያመልጥዎትም።

ስለ «በ» ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች «በ» ሲነገር ከንፈር መግጠም አለበት ይላሉ። በአማርኛ ግን «በ» ከአናባቢ በኋላ ላልቶ ሲነገር ከንፈር ሳይገጥም አየር ሊያልፍ ይችላል። «ገበያ» ሲሉ የራስዎን ከንፈር በመስታወት ይመልከቱ፤ ከዚያ «አባት» ይበሉ፤ በሁለተኛው «ባ» ስለምትጠብቅ ከንፈር በጥብቅ ይገጥማል። «ደብረ ማርቆስ» የሚለው ስም ሁለቱንም ይዟል፦ «ብ» ላይ ከንፈር ባይገጥም ምንም ማለት አይደለም፣ «ማ» ላይ ካልገጠመ ግን ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ ላልቶ የሚነገረውን «በ» ይተዉትና ቢያንስ አሥር የ«መ» ድምፆችን ይምረጡ። አንዷ ብቻ ብታመልጥ በፈጣን ንግግር ወይም በጭመቃ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከአሥሩ አምስትና ስድስቱ ክፍት ሆነው ከተገኙ አፉ ተነክቷል ብዬ እመዘግባለሁ።

ከዚህ በፊት ግን ድምፁ በአጠቃላይ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ድምፅና ሥዕል በማስተላለፍ ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመሳሳይ ይሆናል፣ ከንፈሩም ይገጥማል፣ የሚገጥመው ግን ከድምፁ ትንሽ ቆይቶ ነው።

እርምጃ 8፦ ፊቱን ሸፍነው መነሻውን ቪዲዮ ይፈልጉ

ሰው ብዙውን ጊዜ ሥዕል የሚፈልገው ፊቱ ጎልቶ በሚታይበት ፍሬም ነው። ፊቱ ከተቀየረ ፍለጋው የተለጠፈው ፊት ባለቤት ወደሆነው ሰው ይመራዎታል። ያልተቀየረው ልብሱ፣ ግድግዳውና ከኋላ ያለው ዕቃ ስለሆነ፣ አንድ ፍሬም በስክሪንሾት ወስደው ፊቱን በጥቁር ቀለም ይሸፍኑና በጉግል ሌንስ ወይም በያንዴክስ የሥዕል ፍለጋ ይፈልጉ። መነሻው ቪዲዮ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ፤ ያው ልብስ፣ ያው ወንበር፣ ያው የእጅ እንቅስቃሴ፣ ሌላ ፊት። ፍለጋው ባዶ ቢመለስ ግን ምንም አያስረዳም፤ በአገራችን የሚቀረጹ ብዙ ቪዲዮዎች ከቴሌግራም ወጥተው በድረ ገጽ ላይ አይገኙም።

በአንድ ቪዲዮ ላይ እንዴት እንደሠራሁ

ከቡሬ የመጣች አንዲት እናት ያመጣችልኝ ቪዲዮ 38 ሴኮንድ ነበር። አጎቷ ናቸው የተባሉት ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው፣ ጭራ ይዘው፣ ከቤት ውጭ ተቀምጠው ለእህል መጋዘን ማሠሪያ ዘመድ ሁሉ በተሰጠው የሒሳብ ቁጥር ገንዘብ እንዲያስገባ ይናገራሉ። ድምፁም የሳቸውን ይመስላል። እስከ ቅዳሜ የሚል ቀነ ገደብ ነበረው።

የመጀመሪያው ቅጂ ከአምስት ሰው በላይ ያለፈ ስለነበር ምንም አላሳየኝም። የተሻለ ቅጂ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ጠበቅን። ድምፁን አጥፍቼ ስመለከት በ9ኛው ሴኮንድ ጭራው ፊታቸው ላይ ያልፋል፤ በ17ኛው ደግሞ ወደ ግራ ዞር ብለው ሰው ያዩ ይመስላል። በ9ኛው ሴኮንድ የጭራው ዘለላዎች ከጋቢው ላይ በግልጽ ተነሥተው ጉንጩ ላይ ሲደርሱ ጠፉ፤ ከአፍንጫው በስተቀኝ እንደገና ታዩ። ይህን በአራት ተከታታይ ፍሬሞች አየሁት። በ17ኛው ሴኮንድ የራቀው ጉንጭ መስመር ለሰባት ፍሬም ያህል ወጣ ገባ አለ፤ የመጀመሪያው ባለቤት ፊት ግን አልታየም።

እዚህ ላይ «ሳይቀየር አይቀርም» ማለት ይቻል ነበር፤ ጭራው ላይ የታየው ግን በጭመቃ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል ብዬ ጆሮውን ፈለግሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የዚያው ቤተሰብ ሠርግ የቀረጽሁት እኔ ስለነበርሁ፣ አጎትየው ከጎን የሚታዩበትን ፍሬም ከማኅደሬ አወጣሁ። የአጎትየው ጆሮ ጫፍ ከመንጋጋቸው ጋር የተያያዘ ነው። በቪዲዮው ላይ ያለው ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። ሦስት የተለያዩ ፈተናዎች አንድ ወደሆነ መልስ ስለመሩኝ «የመነካት ምልክት አግኝቻለሁ» ብዬ ጻፍሁላት። አጎትየውን በቆየው ስልካቸው ደውላ ስታገኛቸው ስለ መጋዘኑ የሰሙት ነገር አልነበረም። በደወለችው ስልክ ብቻ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ሊፈታ ይችል እንደነበር ልሰውር አልፈልግም፤ ገንዘብ የተጠየቀበት ቪዲዮ ሲደርስዎት ምርመራውን ከመጀመርዎ በፊት መጀመሪያ ይደውሉ።

የተለመዱ ስሕተቶች

*የውበት ማጣሪያን እንደ ፊት ቅያሬ መቁጠር።* ብዙ ስልኮችና ቲክቶክ ፊትን ያለሰልሳሉ፣ ዓይንን ያሰፋሉ፣ አገጭን ያቀጥናሉ። ይህም አንገት ሸካራ፣ ፊት ለስላሳ ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል፤ በእርምጃ 5 ብቻ የተመራ ሰው እዚህ ይሳሳታል። የሚለየው ጆሮው የራሱ መሆኑና ጠባሳው ቢደበዝዝም ቦታውን አለመልቀቁ ነው።

*የጭመቃ ካሬዎችን እንደ ጠርዝ ማየት።* ጭመቃ ትንንሽ አራት ማዕዘኖችን ይፈጥራል፤ እነዚህ ግን በሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ላይ፣ በእጅም በልብስም ላይ ይታያሉ። የፊት ቅያሬ ጠርዝ የፊትን ቅርጽ ተከትሎ ይዞራል።

*የዓይን ርግብግቢትን መቁጠር።* በ2018 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የተቀየሩ ፊቶች ዓይናቸውን እምብዛም እንደማይከድኑ አሳይተው ነበር፤ ምክንያቱም ፕሮግራሞቹ የሚሠለጥኑባቸው ፎቶዎች አብዛኛውን ጊዜ ዓይን የተከፈተባቸው ናቸው። ይህ ጉድለት ብዙም ሳይቆይ ስለተስተካከለ ዛሬ ለመፍረድ አይበቃም።

*በአንድ ምልክት መፍረድ።* ቢያንስ ሁለት ከተለያየ እርምጃ የመጡ ምልክቶች ያስፈልጋሉ። ከአንዱ እርምጃ ሦስት ጊዜ የተገኘ ምልክት አንድ ነው የሚቆጠረው።

ማስጠንቀቂያ

ምልክት አለማግኘት እውነተኛነትን አያረጋግጥም። በጥሩ ኮምፒውተር በጥንቃቄ የተሠራ የፊት ቅያሬ፣ በተለይም ከተጨመቀ በኋላ፣ እነዚህን እርምጃዎች ሁሉ ሊያልፍ ይችላል፤ ጭንቅላትን በሙሉ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም ስላሉ የጆሮው ፈተና በእነርሱ ላይ አይሠራም። ቪዲዮ ሲጭኑላቸው «ይህን ያህል በመቶ ሐሰተኛ ነው» የሚሉ ድረ ገጾችም አሉ፤ በተጨመቀ ቪዲዮ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሳሳቱ ቁጥራቸውን እንደ ውጤት አልጽፍም።

ውጤቱን ሲጽፉ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ፦ «የመነካት ምልክት አግኝቻለሁ»፣ «ምልክት አላገኘሁም»፣ «ቅጂው ለምርመራ አይበቃም»። ለኔ ከሚመጡት ውስጥ የሚበዙት ሦስተኛውን መልስ ይዘው ይመለሳሉ፤ ሰውም ቅር ይለዋል። ከእያንዳንዱ ምልክት አጠገብ ሴኮንዱንና የፍሬሙን ሥዕል ያስቀምጡ፤ የመጣበትን ቅጂም ሳይነካ ያቆዩት፣ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ሽማግሌ ቢሄድ ሌላ ሰው ከመጀመሪያው ደግሞ ሊመረምረው ይገባል። የሐሰት መስሎ የታየዎትን ቪዲዮ «ተጠንቀቁ» ብለው አያሠራጩት፤ ማሳየት ካለብዎት ምልክቱ የሚታይበትን አንድ ፍሬም ብቻ ይላኩ።

ጥርጣሬው በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ላይ ከመጣ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ደዋዩን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን እንዲዞርና ጣቶቹን ዘርግቶ በፊቱ ላይ ቀስ ብሎ እንዲያሳልፍ ይጠይቁት፤ በእርምጃ 3 እና 4 የተጠቀሰው በዓይንዎ ፊት ይታያል። መረቡ ደካማ ስለሆነ አልታይም ብሎ ካሜራውን ከዘጋ፣ ጥሪውን ዘግተው በሚያውቁት ቁጥር መልሰው ይደውሉ።